የ4ኛ ለ የክፍል አያያዝ ዕቅድ፣ ከመስከረም 5 እስከ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይህን ዕቅድ የጻፍኩት ለራሴም፣ 4ኛ ለ ለምትገቡ መምህራንም ነው። ክፍሉ 52 ተማሪና 18 ዴስክ አለው። በ16ቱ ላይ ሦስት ሦስት፣ በሁለቱ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። እንዲህ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ሥርዓት በቁጣ አይመጣም። አገባብ፣ አወጣጥ፣ እጅ ማውጣት ሁሉ እንደ ማባዛት ተለማምዶ የሚገባ ነገር ነው። ልጁን ሳናስለምደው ለምን አልቻልክም ብለን ልንቆጣው አይገባም።

ሰኞ፣ መስከረም 5

ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ተሰልፈው ወደ ክፍል ይመጣሉ። በር ላይ ቆሜ እያንዳንዱን እጨብጣለሁ፣ ስሙን እጠይቃለሁ። ከዚያ ከካርቶን የተቆረጠ ወረቀት ላይ ስማቸውን ጽፈው ዴስክ ላይ ያቆማሉ። እስከ ሐሙስ የ52ቱንም ስም በቃሌ እይዛለሁ። “አንተ፣ ከኋላ ያለኸው” ከመባልና በስም ከመጠራት የቱ ልጁን ቀና እንደሚያደርገው ሁላችንም እናውቃለን።

በዚያው ቀን ገብቶ መቀመጥን ሦስት ጊዜ እንለማመዳለን። ይወጣሉ፣ ይሰለፋሉ፣ ይገባሉ። ቦርሳ ከእግር ሥር፣ ደብተር ዴስክ ላይ፣ ከዚያ ጸጥ። መጀመሪያ ላይ ይሳሳቃሉ፤ ግድ የለም፣ እንደግመዋለን።

ማክሰኞና ረቡዕ

የጸጥታ ምልክታችን ጭብጨባ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ አጨበጭባለሁ፣ እነሱ ሁለት ጊዜ መልሰው እጃቸውን ዴስክ ላይ ያሳርፋሉ። እባካችሁ ሁላችሁም ይህንኑ ምልክት ተጠቀሙ። አንዱ በዳስተር ጠረጴዛ ቢመታ፣ ሌላው ቢጮህ ልጆቹ ግራ ይጋባሉ።

መልስ የሚሰጥ እጁን ያወጣል፣ ጣቱን አያጮህም። “እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!” እያለ ከዴስኩ የተነሳን ልጅ አልጠራም። ከጠየቅሁ በኋላ በልቤ እስከ አምስት ቆጥሬ ነው የምጠራው። ቀስ ብለው የሚያስቡት ልጆች እጃቸውን የሚያወጡት እዚያች ትንሽ ጊዜ ውስጥ ነው።

ረቡዕ ሕጉን አብረን እናወጣለን። ሐሳቡ ከእነሱ ይመጣል፣ እኔ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ አራት ብቻ እናስቀራለን። ልጆች ራሳቸው ሲያወጡ ቅጣቱን ያከብዱታል። “የረበሸ ይገረፍ” የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ያኔ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 በቀላል ቋንቋ እነግራቸዋለሁ፦ ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ነው። በዚህ ክፍል አርጩሜ የለም፤ መንበርከክም፣ ጆሮ መቆንጠጥም የለም።

ስለ አለቃና ስለ ረባሽ ዝርዝር

አለቃ ይኖራል፣ የረባሽ ስም ግን አይጽፍም። እኔ ልጅ ሳለሁ ሳላወራ ስሜ ተጽፎ ተገርፌያለሁ። ከአለቃው ጋር በብይ ተጣልተን ነበር። ያቺ ወረቀት ለአንዱ ሥልጣን፣ ለሌላው ፍርሃት ናት። የእኛ አለቃ ሥራው ጠመኔና ዳስተር ማዘጋጀት፣ የቀሩትን ለስም ጠሪ መምህሩ መንገር ነው። በየሳምንቱ ሰኞ ይቀየራል፤ አንድ ሳምንት ሴት፣ አንድ ሳምንት ወንድ።

ልጅ ሲያጠፋ መጀመሪያ እናየዋለን። ካልተመለሰ አጠገቡ ሄደን እንቆማለን። ከዚያ በጆሮው እንነግረዋለን። ከዚህ ካለፈ በእረፍት ሰዓት ለብቻው እናነጋግረዋለን። “ወላጅ አምጣ” ብለን ከበር አንመልስም፤ የቀን ሥራ የሚሠራ ወላጅ ሲመጣ የዕለት ገቢውን ያጣል። ስልክ እኔ እደውላለሁ። የመጀመሪያውን ስልክ ደግሞ ልጁ ጥሩ በሠራበት ቀን ብደውል እመርጣለሁ።

ሐሙስና ዓርብ

ደብተር መሰብሰብ በየረድፉ ነው፤ ከኋላ ወደ ፊት ይቀባበላሉ። ግባችን ሦስት ደቂቃ ነው። ለሽንት ቤት በር ላይ ሁለት እንጨት ይሰቀላል፣ አንዱ የሴት፣ አንዱ የወንድ። እንጨቱ ካለ ልጁ ሳይጠይቅ ይዞ ይወጣል፣ ሲመለስ ይሰቅላል። ያረፈደ ልጅ በዝግታ ገብቶ ይቀመጥ፤ ምክንያቱን በእረፍት እጠይቀዋለሁ። ታናሹን ሌላ ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመጣ ልጅ አጋጥሞኛል፤ እሱን በር ላይ ማቆም ግፍ ነበር።

ሁለተኛው ሳምንት፣ ከመስከረም 12

አዲስ ነገር አንጨምርም። ያሳየናቸውን ሳንነግራቸው ይሠሩት እንደሆነ እናያለን። ሰኞ የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሌሎቹ አንድ አንድ ወደፊት ይጠጋሉ። ሰሌዳ የማይታያቸው ግን ከፊት አይነሱም። እነሱን ለመለየት ቀኑን ሙሉ ከአጠገባቸው ልጅ ደብተር የሚገለብጥ ማን እንደሆነ አስተውሉልኝ።

የቡድን ሥራ ረቡዕ ይጀመራል፤ የፊተኛው ዴስክ ዞሮ ከኋለኛው ጋር ስድስት ይሆናሉ። በሹክሹክታ ማውራትን አስቀድመን እናለማምዳለን።

ዓርብ መስከረም 16 ደመራ ነው። ብዙዎቹ ልባቸው ውጭ ስለሚሆን ከባድ ትምህርት አልያዝኩም። አራቱን ሕጎች አንብበን የቱ እንደከበዳቸው እጠይቃለሁ፣ የማይሠራውን አብረን እንሰርዛለን። እናንተም በክፍለ ጊዜያችሁ ያስቸገራችሁን ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ንገሩኝ።