የኔትወርክ ማከማቻ፣ የዲስክና የመጠባበቂያ ኃይል ድጋፍ ጥያቄ

ለድርጅቱ የሕክምና መሣሪያዎች ድጋፍ ክፍል

ጉዳዩ፦ የታካሚ መዝገብና ምስል ማስቀመጫ መሣሪያ ድጋፍ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ባለፈው ዓመት የሰጣችሁን የአልትራሳውንድ ማሽን ነፍሰ ጡር እናቶች በየቀኑ ይገለገሉበታል። ከልብ እናመሰግናለን። ዛሬ የምጽፍላችሁ ምስሎቹን በአስተማማኝ ሁኔታ የምናስቀምጥበት ቦታ ስለሌለን ነው።

የታካሚዎች መዝገብ ያለው በካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። የራጅ ምስል ራጅ ክፍል ባለው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። አልትራሳውንዱ ሲሞላ ደግሞ ባለሙያዋ የቆዩትን ምስሎች ወደ አንዲት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ታወርዳለች። ያቺ ዲስክ ከክፍል ክፍል ስትዞር ትውላለች። አንድ ቀን ከእጅ ብታመልጥ በውስጧ ያለው ሁሉ ሌላ ቅጂ የለውም። ሐኪሙ የፅንሱን እድገት ከቀድሞው ምርመራ ጋር ማወዳደር ሲፈልግም መጀመሪያ ዲስኳ የት እንዳለች መጠየቅ አለበት።

የመብራቱ ነገር የባሰ ነው። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ጥቂት ሰከንዶች ያልፋሉ። ለሰው ምንም አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ግን በዚያች ቅጽበት እየጻፈ ከነበረ ፋይሉ ይበላሻል። በቅርቡ እንዲህ ሆኖ የአንድ ከሰዓት መዝገብ ጠፋብን። ነርሶቹ የታዘዘውን መድኃኒት ከወረቀት ማዘዣዎች ላይ እየለቀሙ እንደገና አስገቡ። ማዘዣ ላይ የማይጻፈውን ግን ከየት ያምጡት? የፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለባት በዚያን ቀን የተናገረች ታካሚ ካለች፣ ያ መረጃ አሁን እኛ ዘንድ የለም። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

- አራት ዲስክ የሚይዝ የኔትወርክ ማከማቻ ሳጥን፣ 1
- ለኔትወርክ ማከማቻ የተሠራ ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ፣ 5
- ባለ 8 ቴራባይት ኤክስተርናል ዲስክ፣ 2
- ባለ 1000 ቪኤ ዩፒኤስ፣ ቮልቴጅ የሚያስተካክልና የዩኤስቢ መገናኛ ያለው፣ 1

ሁለት ዲስክ የሚይዝ ሳጥን እንደሚረክስ እናውቃለን። ግን እዚያ ላይ አንዱ ዲስክ ሲሞት መረጃው ሁሉ በቀረው በአንዱ ላይ ይንጠለጠላል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ምትክ ዲስክ ቶሎ አይገኝም። አራቱን በሬይድ 6 ብናደራጃቸው ሁለት ዲስኮች አብረው ቢበላሹ እንኳን መረጃው ይተርፋል። በዚህ አደረጃጀት ከ16 ቴራባይቱ የምንጠቀምበት 8ቱን ነው። ምስሎቻችን በወር 60 ጊጋባይት ገደማ ስለሚወስዱ ለዓመታት ይበቃናል። አምስተኛው ዲስክ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥ መለዋወጫ ነው። ዲስኮቹ ሲኤምአር የሚባለው ዓይነት ቢሆኑልን እንመርጣለን። ኤስኤምአር የሚባሉት ይረክሳሉ፤ ነገር ግን የተበላሸ ዲስክ ተተክቶ መረጃው እንደገና ሲገነባ በጣም ይንቀራፈፋሉ።

ሬይድ ባክአፕ አይደለም። ፋይል በስህተት ቢሰረዝ ወይም ቫይረስ ቢቆልፈው ከሁሉም ዲስኮች ላይ እኩል ይጠፋል። ኤክስተርናሎቹን የጠየቅነው ለዚህ ነው። በየሳምንቱ ተራ በተራ ቅጂ ይወሰድባቸዋል፤ አንደኛው ሁልጊዜ ከግቢው ውጭ ተቆልፎ ይቀመጣል። የታካሚ ምስጢር ስለሆነ ሁለቱም ኢንክሪፕት ይደረጋሉ። ኢንተርኔት ላይ ስለማስቀመጥም አስበን ነበር፤ መስመራችን የራጅ ምስሎችን ለመጫን በጣም ቀርፋፋ ነው።

ዩፒኤሱ ከሳጥኑ ጋር በዩኤስቢ ይገናኛል። ባትሪው ሲዳከም ለሳጥኑ ምልክት ይልካል፤ ሳጥኑም የጀመረውን ጽፎ ጨርሶ በሥርዓት ይዘጋል። ጀነሬተሩ አልነሳ ቢል እንኳ ዲስኮቹ ድንገት አይጠፉም። የኔትወርክ ስዊቹንና የካርድ ክፍሉን ኮምፒውተር እዚያው ላይ እንሰካለን። ፕሪንተር ግን አይሰካበትም፤ ሌዘር ፕሪንተር ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ያስጨንቀዋል።

የገመድ ዝርጋታው፣ የምድር መስመሩና የሚቆለፈው ክፍል በእኛ ወጪ ይሠራሉ። ገጠማውን የሚያከናውነውን ባለሙያ የምንከፍለውም እኛው ነን። የዩፒኤስ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ስለሚያገለግል መተኪያውን በራሳችን በጀት ይዘናል። በየሦስት ወሩ ከባክአፑ ላይ ጥቂት መዝገቦችን መልሰን በመክፈት እንፈትሻለን፤ ውጤቱንም እንልክላችኋለን።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መስጠት ካልተቻለ በመጀመሪያ ዩፒኤሱንና ሁለቱን ኤክስተርናል ዲስኮች ብትሰጡን ይሻለናል። መዝገቡ ነገ እንዳይጠፋ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው፤ ሳጥኑ ሊከተል ይችላል።

ከመግዛታችሁ በፊት የሳጥኑንና የዲስኩን ሞዴል ብታሳውቁን፣ ሁለቱ እንደሚስማሙ ከአምራቹ ዝርዝር ላይ አይተን ወዲያው እንመልሳለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ