ከጅምሩ ፈራሽና ሊፈርስ የሚችል አስተዳደራዊ ተግባር፦ ለፈተና የአንድ ገጽ ማጠቃለያ

ለአስተዳደር ሕግ የጥናት ቡድን፣ ባሕር ዳር

መነሻ። ጥያቄው ሲመጣ ወዲያው ስም ለመስጠት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ጉድለቱን ፈልጉ። ባለሥልጣኑ ጨርሶ ሥልጣን ሳይኖረው የሠራው ከጅምሩ ፈራሽ ነው፤ በሕግ ዓይን እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ሥልጣን እያለው በአሠራሩ ያጎደለው ግን ሊፈርስ የሚችል ነው፤ ቅር የተሰኘው ሰው በጊዜው አቤት ብሎ እስኪያሽረው ድረስ ጸንቶ ይሠራል።

ምሳሌ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ መንገደኛ የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ ባለቤት አለ እንበል።

ሀ) የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የጀልባውን ፈቃድ ሰረዘ። ፈቃዱን የመስጠትም ሆነ የመንጠቅ ሥልጣን የለውም። ከጅምሩ ፈራሽ።

ለ) ፈቃድ ሰጪው ራሱ ሰረዘ። ሕጉ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽ ይላል፤ ደብዳቤው ግን ቁጥር፣ ማኅተምና «ፈቃድዎ ተሰርዟል» ከሚል አንድ መስመር ሌላ የለውም። በተለመደው አከፋፈል ሊፈርስ የሚችል።

ሐ) ፈቃድ ሰጪው ባለቤቱን ሳይጠራና ሳይሰማ ሰረዘ። ነጥብ የሚገኘውም የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው።

የመሰማት መብት ሲጣስ። እ.ኤ.አ. በ1963 በሪጅና በቦልድዊን ጉዳይ የብራይተን ፖሊስ አዛዥ ሳይሰማ ተባረረ፤ በጊዜው የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ስንብቱን ከጅምሩ ፈራሽ አለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በዱራያፓና በፌርናንዶ ጉዳይ የሴሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ሚኒስትር የጃፍናን ማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት ሳይሰማ በተነ፤ የሴሎን የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው በለንደን ያለው ፕሪቪ ካውንስል የሚኒስትሩ ተግባር ሊፈርስ የሚችል ብቻ ነው፣ አቤት ማለት የሚችለውም ምክር ቤቱ እንጂ ከንቲባው በግሉ አይደለም አለ። ጥሰቱ አንድ፣ ድምዳሜው ሁለት። እኔ የመጀመሪያው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሰውን ሳይሰማ መወሰን የፎርም ጉድለት አይደለምና። ፈተና ላይ ግን ሁለቱንም ጠቅሳችሁ የመረጣችሁበትን ምክንያት አስረዱ።

ልዩነቱ ምን ያስከትላል? ከጅምሩ ፈራሽ የሆነውን ጥቅሙ የተነካ ማንም ሰው ሊያነሣው ይችላል፤ በሌላ ክርክር ውስጥ፣ ለምሳሌ ፈቃድ ሳይኖርህ ሠራህ ተብሎ ሲከሰስ፣ በመከላከያነት ጭምር። የጊዜ ገደብ ማለፉ በመርሕ ደረጃ ነፍስ አይዘራበትም፤ ፍርድ ቤቱም የሚሰጠው ዋጋ የለውም ብሎ የሚያሳውቅ ፍርድ ነው። ሊፈርስ የሚችለውን ግን የሚያነሣው በቀጥታ የተጎዳው ወገን ነው፤ ጊዜው ካለፈበት ወይም አሜን ብሎ ከተቀበለው ይጸናል። የሚፈርሰውም በፍርድ ቤቱ ውሳኔ ነው።

ወጥመድ። «ከጅምሩ ፈራሽ ስለሆነ ማንም ሊታዘዘው አይገባም» ብሎ መጻፍ ግማሽ መልስ ነው። ማኅተም ያረፈበት ውሳኔ ሕጋዊ ነው ተብሎ ይገመታል። ትእዛዙን ወደ ጎን ብሎ ጀልባውን ያንቀሳቀሰ ሰው በኋላ ፍርድ ቤት ካልተስማማለት መዘዙን ራሱ ይሸከማል።

ሁለተኛ፣ የውል ሕግን እዚህ አታምጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1810 ውል ለማስፈረስ የተቀመጠው የ2 ዓመት ገደብ የአስተዳደር ውሳኔን አይመለከትም።

ሦስተኛ፣ በእንግሊዝ ከአኒስሚኒክ ጉዳይ (እ.ኤ.አ. 1968) ወዲህ ድንበሩ ደብዝዟል። የውጭ ካሳ ኮሚሽን ውሳኔ በፍርድ ቤት አይጠየቅም የሚል ድንጋጌ ነበር፤ ዳኞቹ የሕግ ስሕተት ያለበት ውሳኔ ከጅምሩም ውሳኔ አይደለም ብለው አለፉት። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጥቀስ ይበቃል።

በእኛ ሕግ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(1) ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን የመንግሥት አካል ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት አይኖረውም ይላል፤ ለከጅምሩ ፈራሽነት ጠንካራው መነሻ ይኸው ነው። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል አስተዳደራዊ ተቋማትን ይመለከታል። ስለዚህ ውሳኔውን የሰጠው ባሕር ዳር ያለ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ነው ወይስ የከተማው ጽሕፈት ቤት? ይህን ሳትለዩ አዋጁን አትጥቀሱ።

መለማመጃ። ደንቡ አምስት አባላት ያሉትን ኮሚቴ ምልዓተ ጉባኤ ሦስት ያደርገዋል። ሁለት አባላት ብቻ ተቀምጠው ጣና ዳር ያለ የዓሣ ምግብ ቤት እንዲፈርስ ወሰኑ። ባለቤቱ ዝም አለ፤ የአቤቱታው ጊዜ ካለፈ በኋላ ትእዛዝ አላከበርክም ተብሎ ሲከሰስ ውሳኔው ዋጋ የለውም ብሎ ተከራከረ። ይሰማለታል? ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ባለቤቱ ግን ሳይሰማ ቀርቶ ቢሆንስ?