ስለ ልጄ የክርስትና ስም፦ ለንስሐ አባቴ

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለንስሐ አባታችን ለመምሬ ገብረ ሥላሴ፤

እንደምን ሰነበቱ አባቴ? መስቀልዎን በሩቁ እሳለማለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሕፃኗም ጉንጯ ሞልቷል፣ ሰው እያየች መሳቅ ጀምራለች። ሰማንያዋ ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን ስለማልገባ፣ በስልክም ይሄን ሁሉ መዘርዘር ስለከበደኝ፣ ደብዳቤውን በወንድሜ እጅ ልኬልዎታለሁ።

ልጄ የተወለደችው ነሐሴ 24 ነው። ከተወለደችበት ቀን ስንቆጥር ሰማንያዋ ኅዳር 8 ሰኞ ይውላል። የተወለደችበት ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትም የእናታችን የክርስቶስ ሠምራም ነው። እኔ ልቤ ያረፈው በክርስቶስ ሠምራ ላይ ነው። ምጡ ጠንቶብኝ ሳለ ጎረቤቴ ገድሏን አምጥታ ሆዴ ላይ አኖረችልኝ። የቆዳ ሽፋኑ ቀዝቀዝ ሲለኝ እስካሁን ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ «ሴት ከሆነች ስምሽን አወርሳታለሁ» ብዬ በልቤ ተናገርኩ። ለማንም አልነገርኩም፣ ለእርስዎ ግን መንገር ይገባኛል። አባቴ፣ ይህ እንደ ስለት ይቆጠራል? ስሙ ቢቀየር ያስጠይቀኛል?

ትርጉሙን ሰዎች «ክርስቶስ የወደዳት» ይሉኛል፤ ሌሎቹ ደግሞ «ክርስቶስ ደስ የተሰኘባት» ይላሉ። ትክክለኛውን ከእርስዎ መስማት እፈልጋለሁ። ልጄ አድጋ ስትጠይቀኝ በግምት አልመልስላትም።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። አማቴ ስሙን አልወደዱትም። «ባሏንና ልጆቿን ትታ የመነነች ቅድስት ናት፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል፣ ይቺም አንድ ቀን ጥላን ትሄዳለች» ይላሉ። ደግሞ በቁጣዋ በእሳት ስለሞተችው አገልጋይ የሚናገረውን የገድሉን ክፍል ያነሳሉ። እኔ ያን ክፍል ሲነበብ የሰማሁት በሌላ ልብ ነው። አልቅሳ ለምና አገልጋይዋ ተነሥታላታለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ደብረ ሊባኖስ ሄዳ የመነኮሰችው። ሰይጣንን እንኳ ከፈጣሪው ላስታርቅ ብላ የለመነች እናት ናት። ለእኔ የስሙ ክብደት እዚህ ላይ ነው። ልጄ ለሰው የምትራራ፣ ሲያጠፋም የማትጨክን እንድትሆንልኝ እመኛለሁ። ግን የአማቴን ቃል ከሆዴ ማውጣት አቃተኝ። ሌሊት ሳጠባት ፊቷን እያየሁ «ትሄድብኝ ይሆን?» እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንደምታየው በግልጽ ይንገሩኝ።

አማቴ የላስታ ልጅ ናቸው፤ የንጉሥ ላሊበላን ሚስት ስም፣ መስቀል ክብራን ነው የሚፈልጉት። እሱም ያምራል፣ አገራችንም ነው። ባለቤቴ ደግሞ ቀኑ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስለሆነ ወለተ ተክለ ሃይማኖት ትባል ይላል። እርስዎ የወሰኑትን ሁላችንም እንቀበላለን፤ ይህን አማቴም በአፋቸው ብለውልኛል።

ሌላም አለ። የክርስትና ስሟን የቤትም መጠሪያ ላድርገው አስቤ ነበር። ግን ልጅ ይገሠጻል፣ ይጮኽበታል። «አንቺ ክርስቶስ ሠምራ!» ብዬ በንዴት ስጮህ የጌታዬን ስም በከንቱ መጥራት አይሆንብኝም? ባሳጥረውና «ሠምራ» ብላት ደግሞ የጌታን ስም ቆርጦ መጣል መስሎ ታየኝ። የእናቴ እናት እስላም እንደሆኑ ያውቃሉ። ቃሉ ወረዳ ሆነው ይህን ሲሰሙ «ሰሚራ ካላችኋትማ የእኛም ስም ነው!» ብለው እልል አሉ። ከዚያ ወዲህ በስልክ «ሰሚራዬ ደህና ናት?» ነው የሚሉኝ። ደስታቸው ደስ ይለኛል፣ ማረምም አልፈልግም። ወሎ ላይ እንዲህ ነው የምንኖረው። ብቻ ሌላ የዓለም ስም አውጥተንላት ይሄኛው ለጸሎትና ለቁርባን ቢቀመጥ ይሻላል ካሉኝ እንደዚያው አደርጋለሁ።

የክርስትና እናቷ የባለቤቴ እኅት ናት፤ መጥታ ታነጋግርዎታለች። ማተቡንና ነጭ ልብሷን አዘጋጅተናል። የጠላው ጌሾ እየተወቀጠ ነው። ቀኑ ሰኞ ስለሆነ ዶሮውም አይቀርም። ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ገብተው ማዕዱን ይባርኩልናል።

መልሱን ለወንድሜ በወረቀት ይስጡልኝ። ስሙን በእጅዎ ይጻፉልኝ፣ በንጉሡ ሠ ይሁን በእሳቱ ሰ እንዳልሳሳት፤ የክርስትና ካርዱ ላይ የሚሰፍረው እሱ ነው። ከኅዳር ሚካኤል በፊት ስለሆነ ጊዜው አጭር ነው፣ እባክዎ አይዘግዩብኝ።

ጸሎትዎ አይለየን።

የመንፈስ ልጅዎ
ወለተ ማርያም