ለወንድሜ ሠርግ በአማርኛና በትግርኛ

የተከበራችሁ ዘመዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!
ክቡራት ኣዝማድና፣ እንቋዕ ብደሓን መጻእኩም!

ትግርኛዬን ያረመችልኝ ራሷ ሙሽራዋ ናት፤ ስሕተት ከሰማችሁ እሷን ጠይቁ።

ወንድሜ አማቶቹን የሚያመሰግንባትን «የቐንየለይ» ሳምንት ሙሉ መስታወት ፊት ቆሞ ተለማመዳት። «ቐ» ጉሮሮው ላይ እየቀረች ስታስለው ከጎን ክፍል እሰማ ነበር። አልሳቅሁም ብል ውሸት ነው። ግን ለፈተና እንኳ እንዲህ ሲለፋ አላየሁትም፤ ያኔ ነው ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ።

ኣቦይን ኣደይን፣ ጓልኩም ጓልና እያ፤ ወድና ድማ ወድኹም እዩ።

እማዬ፣ ምን አለ እንዳትይኝ፦ ልጃቸው ልጃችን ናት፣ የኛም የእነሱ ነው አልኩ።

ሙሽሮች፣ እንኳን ደስ አላችሁ! እንቋዕ ሓጎሰኩም! በሉ፣ ብርጭቆ እናንሳ!