እንቅርትን መለየት፣ መቼና እንዴት ሪፈር እንደሚደረግ፦ ለጤና ኬላዋ ባለሙያ የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ እህቴ፣

ባለፈው በስልክ የጠየቅሽኝን በአንድ አረፍተ ነገር መልሼ ማለፍ አልፈለግሁም። «ቀበሌው ውስጥ አንገታቸው ያበጠ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም ወደ ጤና ጣቢያ ልላክ ወይስ ዝም ልበል?» ነበር ያልሽው። ሁለቱም አያዋጣም። ሁሉንም ብትልኪ፣ ዶሮ ሸጣ ትራንስፖርት የከፈለች ሴት «ጨውሽን ቀይሪ» ተብላ ትመለሳለች፤ ሌላ ጊዜ ስትጠሪያት አትመጣም። ዝም ካልሽ ደግሞ መሐላቸው ያለችው አንዷ፣ የአየር ቧንቧዋ የተጨነቀባት ወይም ልቧ እየተጎዳ ያለች፣ ታመልጥሻለች።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢልኝ፦ ሪፈር የሚወስነው የእብጠቱ ትልቅነት አይደለም። በሰውነቷ ላይ ምን እያደረገ ነው የሚለው ነው። ሃያ ዓመት የተሸከመችው ትልቅ እንቅርት ምንም ላያደርጋት ይችላል። አውራ ጣት የምታህል ጠጣር እብጠት ግን ዛሬ ነገ ሳትባል መላክ ያለባት ልትሆን ትችላለች።

እንቅርት በፋርጣ ደጋ ለምን እንደበዛ ሰዎች ይጠይቁሻል። ለዘመናት የወረደው ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑንም ይዞት ሄዷል። እዚያ አፈር ላይ የበቀለው ድንች፣ ገብስና ጎመን አዮዲኑ ትንሽ ነው። ከማንቁርት በታች ያለው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ ሆርሞን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። አዮዲን ሲያጥረው ያገኘውን ለመሰብሰብ እየፋፋ ይሄዳል። አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃዋል፤ ነፍሰ ጡር ግን 250 ያስፈልጋታል። በሴቶች ላይ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እርግማንም አይደለም፣ በመጠጥ ዕቃም አይተላለፍም። ይህን በግልጽ ንገሪያቸው፤ በዚህ ምክንያት ትዳር ያጡ ልጃገረዶች አሉ።

አሁን ወደ ምርመራው። ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀምጫት። ነጠላዋንና ሻሿን ከአንገቷ ላይ እንድታወርድ ለምኛት፤ ብዙዎቹ ለመሸፈን ነው የሚጠመጥሙት። ሰው ካለ በሩን ዝጊ። መጀመሪያ እጅሽን ሳታነሺ ዝም ብለሽ እይ። አንገቷ እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ ሳለ እብጠቱ ይታያል? ቀጥሎ ቀና ትበልና ውሃ ጎንጭታ ትዋጥ። ይህቺ ጉንጭ ውሃ ትልቋ መሣሪያሽ ናት፤ ታይሮይድ ከማንቁርት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ስትውጥ አብሮ ወደ ላይ ይወጣል። የማይወጣ እብጠት ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ዳስሺ። ፊት ለፊቷ ወይም ከኋላዋ ሁኚ፣ የሚመችሽን ምረጪ። ማንቁርቷን በጣትሽ አግኝና ከሱ በታች፣ ከደረት አጥንት ጫፍ በላይ፣ ግራና ቀኙን ቀስ ብለሽ ዳብሺ። ሁለቱንም ጎን በአንዴ አትጫኚ። መለኪያሽ የራሷ አውራ ጣት ነው፦ የዕጢው አንዱ ጎን ከአውራ ጣቷ የመጨረሻ አንጓ ከበለጠ እንቅርት ነው። የአንቺ ጣት አይደለም፣ የሕፃን ልጅ ከሆነም የልጁ ጣት። በዳሰሳ ብቻ የሚገኘውን አንደኛ ደረጃ፣ አንገት ቀጥ ብሎም የሚታየውን ሁለተኛ ደረጃ ብለሽ ቤተሰብ ማህደሩ ላይ ጻፊ። እየዳሰስሽም ልብ በይ፦ ለስላሳ ነው ወይስ ጠጣር? አንድ ወጥ ነው ወይስ ጉብ ጉብ ያለ? ይንቀሳቀሳል ወይስ ተጣብቋል? ያማታል?

ከእንቅርት ጋር የሚምታቱ አሉ። ጆሮ ደግፍ ከጆሮ ሥር መንጋጋው ላይ ነው የሚያብጠው፣ ትኩሳትም አለው፤ ዛሬ ጀምሮ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የዕጢ ቲቢ ነው፤ በአገራችን ብዙ ነው። በአንገት ጎን፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ሆኖ፣ እርስ በርስ ተጣብቆ ይገኛል። ሲውጡ አይወጣም፤ አንዳንዴም ፈንድቶ መግል ያፈሳል። ሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ሳል ካለ ጠይቂ። እንዲህ ያለውን ሰው «እንቅርት ነው» ብለሽ በጨው ምክር አትመልሺው፤ ለቲቢ ምርመራ ላኪው።

ከዳሰስሽ በኋላ ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ትንሽ አርፋ ከተቀመጠች በኋላ የልብ ትርታዋን ከእጅ አንጓዋ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። አዋቂ ሆና በእረፍት ላይ ሳለች ከ100 በላይ ከሆነ ያሳስባል። እጆቿን ዘርግታ ይንቀጠቀጡ እንደሆነ እይ። እየበላች ትከሳለች? በብርድ ያልባታል? ዐይኗ ወደ ውጭ ወጥቷል? ይህ ዕጢው ከመጠን በላይ እየሠራ መሆኑን ይጠቁማል፤ ሳይታከም ከቆየ ልብን ያደክማል። ተቃራኒውም አለ፤ ሁልጊዜ የሚበርዳት፣ የሚከብዳት፣ ሆድ ድርቀት የያዛት፣ ድምጿ የጎረነነ፣ ቆዳዋ የደረቀ። ባሏ «ሰነፍ ሆነች» ይልሻል። ስንፍና ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ከጆሮዋ ጋር አስጠግታ አንድ ደቂቃ ታቆያቸው። ፊቷ ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ትንፋሽ ካጠራት ወዲያው አስወርጃት። እንቅርቱ ከደረት አጥንቱ ጀርባ ወርዶ መንገዱን እየዘጋ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ትንሽ የሚመስል ግን ውስጥ ትልቅ የሆነ እንቅርት የሚታወቀው እንዲህ ነው። እንደዚህ ዓይነቷን ቆመሽ አትጠብቂ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በዚያው ዕለት፣ በአምቡላንስም ቢሆን፣ የምትልኪያት ይህች ናት፦ ስትተነፍስ የሚያፏጭባት፣ ጋደም ስትል አየር የሚያጥራት፣ ምራቋን መዋጥ ያቃታት፣ እብጠቱ በድንገት በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ አድጎ የሚያማት፤ እንዲሁም እንቅርት ኖሮባት ትኩሳት፣ በጣም የፈጠነ ልብና መቀባዠር የያዛት። የመጨረሻዋን «ወባ ይሆናል» ብለሽ አታሳድሪያት። ደግሞ አንዲት ሴት ለታይሮይድ ኪኒን እየወሰደች፣ በተለይ ፒቲዩ የሚሉትን፣ ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስለት ከጀመራት ቀጣዩን ኪኒን ሳትውጥ፣ ኪኒኑን ይዛ በዕለቱ ትምጣ። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ኢንፌክሽን የሚከላከሉትን የደም ሴሎች ያጠፋል። ዐይኗ ቢጫ ቢሆንም እንዲሁ ነው። በቃ የጉሮሮ ሕመም ነው ብለሽ እንዳታልፊው አደራ።

በሳምንቱ ውስጥ የምትልኪያቸው ደግሞ ጠጣር ወይም የተጣበቀ እብጠት ያለባቸውን፣ በወራት ውስጥ ሲያድግ የታየባቸውን፣ ድምፃቸው ሳይሻል ለሳምንታት የጎረነነባቸውን፣ በአንገት ጎን ሌላ ዕጢ አብሮ ያበጠባቸውን፣ ልባቸው የሚፈጥንባቸውን ነው። እንቅርት ያለባት ነፍሰ ጡር ደግሞ የመጀመሪያው ክትትሏ ላይ ሳትዘገይ ትታይ፤ በእርግዝናዋ መጀመሪያ ወራት የልጁ አእምሮ የሚያድገው በእሷ ሆርሞን ነው። ስለ ካንሰር አንቺ አትናገሪ። «በቅርብ መታየት አለበት» በይ፤ ምርመራው ነው የሚናገረው።

ስለ ሕፃናት ለብቻው ልበልሽ፣ ምክንያቱም የጠፋው ጊዜ አይመለስም። ወሊድ ክትትል ስትሄጂ የእናቲቱን አንገት እይ፣ ከዚያም ልጁን። ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ ጡት በደንብ የማይጠባ፣ ሲበዛ የሚተኛ፣ ለቅሶው የጎረነነ፣ ምላሱ ትልቅ የሆነ፣ ሆዱ የደረቀ፣ እትብቱ የወጣ ሕፃን ካየሽ በማግሥቱ ላኪው። እናቶች «ጨዋ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም» ይሉሻል። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልተጀመረ አእምሮው ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።

የቀሩት፣ ማለትም ለስላሳ እንቅርት ኖሮባቸው ምንም የማይሰማቸውና ትርታቸው ደኅና የሆነ፣ ለቀጠሮ ይያዙ እንጂ ለጉዞ አይጣደፉ። የአንገታቸውን ዙሪያ በሜትር ለኪ፣ ቀኑን ጻፊ፣ በየስድስት ወሩ ድገሚ። ወጣቶች ላይ ለስላሳው እንቅርት በአዮዲን ጨው በወራትና በዓመታት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል። ለዓመታት የቆየ፣ ጉብ ጉብ ያለ ግን በጨው አይሟሟም፤ ይሟሟል ብለሽ ቃል አትግቢ። ዕድሜያቸው የገፋና ጉብ ጉብ ያለባቸው ሰዎች አዮዲን ሲጀምሩ አልፎ አልፎ ዕጢው ሊፈጥንባቸው ይችላል፤ ስለዚህ ከወራት በኋላ ትርታቸውን ድገሚ። ጨውን ግን አትከልክያቸው።

የጨው ነገር በ2003 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ተደንግጓል፤ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን ሊኖረው ይገባል። ገበያ ላይ ግን በኩንታል የመጣ፣ አዮዲኑ የሌለ ወይም የተነነ ጨው ይሸጣል። ሴቶቹ ጨውን ሲያጥቡት አዮዲኑ አብሮ ይሄዳል። አታጥቡ፤ በክዳን ዕቃ፣ ከእሳትና ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ በያቸው። ጨው አብዝቶ መብላት ግን መፍትሔ አይደለም፣ ለደም ግፊት ነው የሚዳርጋቸው። መመርመሪያው ጠብታ ሲደርስሽ በሴቶች ልማት ቡድን ስብሰባ ላይ ከየቤታቸው ጨው ያምጡና ዐይናቸው እያየ ሞክሪው። ሰማያዊ ሲሆን አይተው ያምናሉ።

እንቅርቱን በጋለ ብረት የሚተኩሱና የሚበጡ እንዳሉ ሰምቻለሁ። አካባቢው በደም ሥሮች የተሞላ ነው፤ ደም ሊፈስ፣ ሊመግልም ይችላል። ከሽማግሌዎቹ ጋር ተጋጭተሽ ሳይሆን ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው።

ሪፈር ወረቀቱ ላይ «እንቅርት» ብለሽ ብቻ አትጻፊ። እኛ ጋ ስትደርስ ከየት እንደምንጀምር አናውቅም። እንዲህ ጻፊው፦

«ዕድሜ 34፣ 5 ወር ነፍሰ ጡር። እንቅርት ሁለተኛ ደረጃ፣ 6 ዓመት የቆየ፣ ከ3 ወር ወዲህ ያደገ። ጉብ ጉብ ያለ፣ ሲውጡ የሚወጣ፣ የማያም። የአንገት ዙሪያ 39 ሴ.ሜ.። ትርታ በእረፍት 112። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ክብደት ቀንሷል። ትንፋሽና መዋጥ ደኅና። የምትወስደው መድኃኒት የለም። ለታይሮይድ ሆርሞን ምርመራና ለእርግዝና ክትትል ተልካለች።»

የጤና መድን አባል ከሆነች ደብተሯን ትያዝ። ወደ ደብረ ታቦር የምንልካት ከሆነ ያለ ወረቀቱ ክፍያው ከኪሷ ሊወጣ ይችላል። የደም ናሙና በምን ቀን እንደምንወስድ ከመላክሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂኝ፤ በሌላ ቀን መጥታ እንዳትመለስ። ግብረ መልሱን በወረቀቱ ሌላኛው ግማሽ እጽፍልሻለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልደረሰሽ ቤቷ ሂጂ፤ ምናልባት መንገድ ላይ ቀርታ ይሆናል።

ከሰላምታ ጋር፣
የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን