ፎቶው ላይ ያለው ደብተር ነው

ሴትዮዋ የት አለች ብላችሁ አትፈልጉ። «በፊት» እና «አሁን» የሚል ጥንድ ፎቶ ሆን ብለን አልለጠፍንም። የምታዩት የእህታችን የሚዛን ደብተር ነው፤ 52 መስመር፣ 52 እሑድ። የመጀመሪያው መስመር መስከረም 5 ቀን 2017፣ 92.4 ኪሎ። የመጨረሻው ጳጉሜን 2፣ 80.6። 11.8 ኪሎ ማለት ነው፤ ለሳምንት ሲካፈል 230 ግራም ገደማ፣ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ብዙም የማይበልጥ። ከእሑድ እሑድ ስናነጻጽር 31 ጊዜ ቀንሷል፣ 14 ጊዜ ጨምሯል፣ 6 ጊዜ ባለበት ቆሟል። የጨመሩትን በቀይ ያሰመረችው ራሷ ናት። ፈቃዷን ጠይቀን ነው የለጠፍነው፤ ስሟን ግን አንጽፍም።

እኛ ሁለት የሥነ ምግብ ባለሙያዎችና አንድ አሠልጣኝ ነን። ዓመቱን ሙሉ የተከታተልነው መልኳን ሳይሆን ልማዶቿን ነው፤ የሠራውም እሱ ስለሆነ እዚህ እንዘርዝረው።

ትልቁን ድርሻ የያዘው ዘይት ነው። ቤት ውስጥ ዘይት ከጄሪካኑ በቀጥታ በእጅ ግምት ነበር የሚፈሰው። አንድ ቀን ለአራት ሰው የሚሆን የሽሮ ድስት ላይ የሚፈሰው በቡና ሲኒ ሲለካ ሁለት ሲኒ ሆነ፤ 140 ሚሊ ሊትር፣ ወደ 1,150 ካሎሪ። አሁን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ነው፤ አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ስለሆነ ድስቱ ላይ ወደ 360 ይመጣል። በነፍስ ወከፍ 200 የሚጠጋ ካሎሪ ሄደ ማለት ነው፤ ከሳህኑ አንድም ጉርሻ ሳይነሳ። ወጡ እንዳይደርቅ ሽንኩርቱ በደረቁ ይቁላላል፣ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ ይደረግበታል። በርበሬውም ሲጨመር እንዲሁ፣ ድስቱን ሳይለቁ። ዘይቱ የሚገባው በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ ከገባ ሽንኩርቱ ይጠጣውና «አነሰ» ተብሎ ይደገማል፤ መጨረሻ ላይ ሲገባ ግን ላይ ወጥቶ ይታያል፣ ዓይንም ይጠግባል።

እንጀራ አልተከለከለም። የተለወጠው አቆጣጠሩ ነው። ከገበታ ላይ በጋራ ሲበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም፤ ስለዚህ በሥራ ቀን በራሷ ሳህን፣ አንድ እንጀራ። ቅዳሜና እሑድ ከቤተሰቡ ጋር ነው፤ ያኔ ደግሞ ጭማሪ እንጀራዋ አስቀድሞ ተጠቅልሎ አጠገቧ ይቀመጣል፣ እሱ ካለቀ አለቀ። ጉርሻ? ጉርሻ እምቢ አይባልም። ይቆጠራል እንጂ።

ቡናው ላይ ያለው ቀላል ነበር። ለአቦል፣ ለቶናና ለበረካ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር 24 ግራም ነው፤ ቢሮ የሚጠጣው ማኪያቶ ሳይጨመር። በየሦስት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ተቀነሰ፤ ምላስ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። በአንድ ቀን ያቆመ ሰው በሳምንቱ ተመልሶ ሲጨምር ደጋግመን አይተናል።

እግርን በተመለከተ፦ ጠዋትና ማታ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ ከምሳ በኋላ 15 ደቂቃ። የስልኳ ቆጠራ በአማካይ ከ3,800 እርምጃ ወደ 8,200 ወጣ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ የጡንቻ ሥራ፦ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት፣ ውሃ የተሞላ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ መሳብ። ሦስት ዙር፣ በዙር 8 ጊዜ፤ 12 ሲሞላ ጄሪካኑ በትልቅ ይቀየራል። ይኼን ክፍል የሚዘሉ ብዙ ናቸው። ሲዘለል ከስብ ጋር ጡንቻም ይሄዳል፤ ሚዛኑ ይቀንሳል፣ ደረጃ መውጣት ግን አይቀልም።

አሁን ደብተሩ ላይ ወዳሉት ሦስት አሳሳች ቦታዎች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 1.7 ኪሎ ቀነሰ። ደስ ያሰኛል፣ ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነት ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚያስቀምጠው ስኳር ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ስኳሩ ሲወጣ ውሃውም አብሮ ይወጣል። በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል ብሎ የጠበቀ ሰው በአራተኛው ሳምንት ተስፋ ይቆርጣል።

ሁለተኛው ሁዳዴ ነው። ከየካቲት 23 እስከ መጋቢት 21 አምስት እሑድ ሙሉ 86 ላይ ተቸነከረች። ጾም ያከሳል የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም፤ እዚህ ያልሠራበት ምክንያት ደብተሩ ላይ ተጽፎ ተገኘ። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳይበላ ይቆይና ጾሙ የሚፈታው በሁለት እንጀራ ነው፤ ማታ ደግሞ ዳቦ በሻይ። እንቁላልና ሥጋ ሲቀር ፕሮቲኑ አልተተካም፣ ለጾም የተሠራው ፓስታና አትክልት ደግሞ በዘይት ዋኘ፤ ማንኪያው የሚገባው ሽሮ ላይ ብቻ ነበር። ማስተካከያው፦ በ9 ሰዓት መጀመሪያ አንድ ጭልፋ ወፍራም ምስር ወይም የተቀቀለ ሽምብራ፣ ቀጥሎ አንድ እንጀራ፤ ማታ ከዳቦው ይልቅ ባቄላ ፉል፤ ማንኪያው ለሁሉም ድስት። በቀጣዩ እሑድ መስመሩ ተንቀሳቀሰ።

ሦስተኛው ፋሲካ። ሚያዝያ 19 ቀን 1.6 ኪሎ ጨምሮ ተጻፈ። ያ ሁሉ ስብ ሊሆን አይችልም፤ ጨው የያዘው ውሃና ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ይበዛበታል። ምንም የተለየ ነገር ሳይደረግ በሁለት ሳምንት 1.1ዱ ሄደ። የሚያበላሸው የዶሮ ወጡ ሳይሆን ከዚያ በኋላ «ከተበላሸ አይቀር» ተብሎ የሚቀጥለው ነው። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም 50 ቀን አለው፣ ያ ረጅም ነው።

ሚዛን አያያዝ ላይም አንድ ነገር፦ በየቀኑ ጠዋት፣ ከመጸዳጃ በኋላ፣ ከምግብና ከውሃ በፊት፣ ጠንካራ ወለል ላይ። ምንጣፍ ላይ ያለ ሚዛን ይዋሻል። እሑድ የሚጻፈው የሰባቱ ቀን አማካይ ነው፤ የአንድ ቀን ቁጥር በውሃ ብቻ አንድ ኪሎ ሊዋዥቅ ይችላል፣ በወር አበባ ሰሞን ደግሞ ይብሳል።

ለስኳር ወይም ለደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ይኼን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ክብደት ሲቀንስ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል፣ ያልተስተካከለ እንደሆነ ስኳር ወይም ግፊት ከልክ በታች ይወርዳል።

አስተያየት ለምትጽፉ፦ «አማረብሽ» አትበሉ፣ «ምነው ከሳሽ፣ አመመሽ እንዴ?» ደግሞ ጭራሽ። ሁለቱንም ዓመቱን ሙሉ ሰምታዋለች። ዘይቱን በስንት ማንኪያ እንደምትለካ፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ቢሮዋ ሳታርፍ መድረስ የጀመረችው በስንተኛው ወር እንደሆነ ጠይቋት። (በሰባተኛው ነው።)

ከዚህ በኋላ መቀነስ አልታሰበም። የ2018 ሥራ ከ79.5 እስከ 81.5 ባለው መቆየት ነው። ሁለት እሑድ በተከታታይ 82 ካለፈ መጀመሪያ የሚታየው የዘይት ማንኪያው ነው፣ ቀጥሎ ፌርማታው። 53ኛው መስመር መስከረም 4 ይጻፋል።

#የእሑድ_ሚዛን #ሦስት_ማንኪያ #ልማድ