የጠፋ ቦርሳ፦ ማንገቻው በአረንጓዴ ክር የተሰፋ ጥቁር ቡናማ የቆዳ ቦርሳ፣ በውስጡ ሁለት የመስክ ደብተሮች ያሉት

የጠፋው ጥቁር ቡናማ የቆዳ የትከሻ ቦርሳ ሲሆን፣ ከሌሎች ቡናማ ቦርሳዎች የሚለየው ዋናው ምልክት የማንገቻው ግራ ጫፍ ከቦርሳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በወፍራም አረንጓዴ ክር በእጅ የተሰፋ መሆኑ ነው። ስፌቱ ከሩቅ ይታያል፤ ክሩም ከቆዳው ቀለም ጋር ጨርሶ አይሄድም። ክዳኑን የሚይዙት ሁለት ዘለበቶች አይመሳሰሉም፤ የቀኙ ቢጫማና ቦርሳው ሲሠራ የተገጠመለት ነው፣ የግራው ግን ከቀበቶ ተወስዶ በኋላ የተተካ ብርማ ዘለበት ነው። ቦርሳው 38 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 28 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው፤ የታችኛው የቀኝ ማዕዘኑ ከመፋቅ ብዛት ቀለሙ ለቆ ነጣ ብሏል። በላዩ ላይ የፋብሪካ ስም ወይም ጽሑፍ የለም።

ቦርሳውን ወይም በውስጡ ከነበሩት ዕቃዎች አንዱን ያገኘ ሰው በዋናው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ ከመግቢያው በስተቀኝ ለሚገኘው የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ እንዲያስረክብልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጠረጴዛው ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 11፡30፣ ቅዳሜ ደግሞ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 6፡30 ሰው አለው። ከእነዚህ ሰዓቶች ውጭ፣ ሌሊትም ሆነ እሑድ፣ በምዕራብ በር ላይ ላሉት የጥበቃ ሠራተኞች መስጠት ይቻላል፤ ሁለቱም ቦታዎች ስለ ጉዳዩ ያውቃሉ፣ ለሚረከቡትም ዕቃ ወረቀት ይሰጣሉ። ዕቃውን በእጁ ያልያዘ ነገር ግን ያየ ወይም የሰማ ሰው በግቢው ውስጥ ካለ ከማንኛውም የቢሮ ስልክ በውስጥ መስመር 214 ቢደውል በቀጥታ ያገኘኛል፤ ካልተነሣ ደግሞ ጥሪው ወደ ክፍሉ ጸሐፊ ይዞራልና መልእክት መተው ይበቃል። የቢሮ ስልክ በአቅራቢያው የሌለ ሰው በምዕራብ በር ያለውን የጥበቃ ስልክ መጠቀም ይችላል፣ ፈቃድም አያስፈልገውም። ሲደውሉ ወይም መልእክት ሲተዉ ሦስት ነገሮችን ብቻ ይንገሩኝ፦ ምን እንዳዩ፣ የት እንዳዩና መቼ እንዳዩ።

በቦርሳው ውስጥ ከነበሩት ዕቃዎች በዋጋ ከሁሉ የሚያንሱት፣ ለእኔ ግን ሊተኩ የማይችሉት ሁለቱ የመስክ ደብተሮች ናቸው። አንደኛው ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ያለውና በቀይ ላስቲክ የታሰረ ነው፤ ሁለተኛው ቢጫ ሽፋን አለው፣ ጀርባውም በነጭ የሕክምና ፕላስተር ተጠግኗል። ሁለቱም መጠናቸው የእጅ መዳፍ ያህል ስለሆነ ለተራ የማስታወሻ ደብተር ሊወሰዱ ይችላሉ። ሲገለጡ ግን በየገጹ ግራ ጠርዝ ላይ በተራ የሚሄዱ ቁጥሮች፣ ከቁጥሮቹ ፊት ለፊት ደግሞ ስለ ተክሎች ቅጠል፣ አበባና ስለበቀሉበት አፈር የተጻፉ አጫጭር መግለጫዎች ይታያሉ፤ አልፎ አልፎም በእርሳስ የተሣሉ የቅጠል ሥዕሎች አሉ።

ቁጥሮቹ ለሚያያቸው ሰው ምንም ላይነግሩ ስለሚችሉ፣ ደብተሮቹ ለምን ይህን ያህል እንደሚፈለጉ በአጭሩ መግለጽ ተገቢ ይመስለኛል። እያንዳንዱ ቁጥር በናሙና ክፍሉ ውስጥ ተጭኖ የደረቀ የአንድ ተክል ቁጥር ነው፤ ተክሉ ከየት ቦታ፣ ከምን ያህል ከፍታና በየትኛው ቀን እንደተወሰደ የተጻፈው ግን በደብተሮቹ ላይ ብቻ ነው። የመገኛ ቦታውና ቀኑ ያልታወቀ ደረቅ ናሙና፣ ምንም ያህል በጥሩ ሁኔታ ቢጠበቅ፣ ለጥናት የሚሰጠው ጥቅም እጅግ አነስተኛ ነው፤ የደረቀ ተክል ሲበቅል የነበረውን የአበባ ቀለምና ሽታ እንኳ ብዙውን ጊዜ ይዞ አይቆይም። ስለዚህ ቦርሳው ባይገኝና ደብተሮቹ ብቻ ቢገኙ ለእኔ የተገኘው ዋናው ነገር ነው።

ከደብተሮቹ ሌላ አንድ ጥቁር ሃርድ ዲስክ በግራጫ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ነበረ፤ በጀርባው ያለው የመለያ ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዞች 4073 ናቸው። በጥቁር የጫማ ማሰሪያ የታሰረች፣ አውራ ጣት የምታህልና አሥር እጥፍ የምታጎላ ተጣጣፊ የእጅ ማጉያ መነጽርም ነበረች። የቀሩት የተለመዱ የጽሕፈት መሣሪያዎች ናቸው፤ ገንዘብም፣ የባንክ ካርድም፣ መታወቂያም በቦርሳው ውስጥ አልነበረም።

ቦርሳው በእጄ እንደነበረ በእርግጠኝነት የማውቀው ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 9፡40 ገደማ ድረስ ነው። በዚያን ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ የንባብ አዳራሽ ወጥቼ፣ በዋናው ደረጃ ወርጄ፣ በምዕራብ በር በኩል ወዳለው የአውቶቡስ ፌርማታ በእግር ሄድኩ፤ በፌርማታው ባለው ረጅሙ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከመብራት ምሰሶው ወገን ባለው ጫፍ ቦርሳውን አስቀመጥኩት። የናሙና ሣጥኖች የጫነ መኪና ቆሞ ስለነበረ ሣጥኖቹን ለማውረድ እየረዳሁ ሳለ፣ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ቦርሳው ከወንበሩ ላይ አልነበረም። በመካከሉ አንድ አውቶቡስ መጥቶ ተሳፋሪዎችን አውርዶና ጭኖ ሄዷል፤ ወደ መሀል ከተማ የሚሄደው መስመር ነው። በዚያ አውቶቡስ የተሳፈረ ወይም ከእሱ የወረደ ሰው፣ ምንም እንኳ ቦርሳውን ባያነሣ፣ ማን እንዳነሣው ወይም ወንበሩ ላይ ማን ተቀምጦ እንደነበረ ቢያስታውስ በ214 ቢነግረኝ ትልቅ ረዳት ይሆነኛል። ሰው ተሳስቶ የራሱ መስሎት፣ ወይም ለባለቤቱ ለመመለስ አስቦ ወስዶት ሊሆን እንደሚችልም አምናለሁ፤ በዚህ ምክንያት የሚመልሰውን ሰው ለምንና እንዴት እንደወሰደው አልጠይቅም።

ከዚያ ሳምንት ወዲህ ዝናብ ስለጣለ ዕቃዎቹ እርጥብ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ደብተሮቹ ረጥበው ከተገኙ እባክዎ ፀሐይ ላይ አያስጡዋቸው፣ በእሳት ወይም በማሞቂያ አጠገብም አያድርቋቸው፤ የተጣበቁ ገጾችንም ለመለያየት አይሞክሩ። እርጥብ ወረቀት በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ሻጋታ ሊያወጣ ስለሚችል ከሁሉ የሚሻለው በዚያው ቀን ማስረከብ ነው፤ ያ ካልተቻለ ግን ንጹሕ ጽሑፍ የሌለበት ወረቀት ወይም ሶፍት በሽፋኑና በገጾቹ መካከል ጣል አድርጎ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ቦታ ማቆየት ይጠቅማል። አብዛኛው ጽሑፍ በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ እርሳስ ደግሞ እንደ ቀለም ብዕር በውሃ አይሟሟም፤ ስለዚህ ደብተሮቹ የቱንም ያህል ተበላሽተው ቢታዩ ሊነበቡ ይችላሉና አይጣሉብኝ።

ሃርድ ዲስኩ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ነው። የማን እንደሆነ ለማወቅ ብሎ ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኘው ሰው ምንም ፋይል አያይም፤ ይልቁንም ኮምፒዩተሩ ዲስኩ መጀመሪያ Format መደረግ አለበት የሚል መልእክት ሊያወጣ ይችላል። እንዲህ ዓይነት መልእክት ከመጣ Cancel የሚለውን ብቻ ተጭነው ዲስኩን ይንቀሉት። ባዶ መስሎ ቢታይም ባዶ አይደለም።

ዕቃው ለትክክለኛው ባለቤት መመለሱን ለማረጋገጥ ሲባል አንዳንድ ምልክቶችን ሆን ብዬ እዚህ አልጻፍኩም። በጥቁሩ ደብተር ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ስሜና ሌላ አንድ ጽሑፍ አለ፤ በቦርሳው የውስጥ ኪስ ውስጥም እኔ ብቻ የማውቀው አንድ ትንሽ ዕቃ ይገኛል። ያገኘ ሰው እነዚህን ጠይቆኝ ካልመለስኩ ዕቃውን እንዳይሰጠኝ፣ ሌላ ሰውም የእኔ ነው ብሎ ቢመጣ በዚሁ መንገድ እንዲፈትነው እለምናለሁ። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኞች መልሶቹን በታሸገ ፖስታ ተቀብለው አስቀምጠዋል። የግል ስልክ ቁጥሬን በግድግዳ ላይ ያልለጠፍኩትም በዚሁ ጥንቃቄ ምክንያት ነው፤ የጠፋ ዕቃ ማስታወቂያ አይተው ዕቃው ሳይኖራቸው አስቀድሞ ገንዘብ እንዲላክላቸው የሚጠይቁ ሰዎች አይታጡም። ለአስረካቢው ተገቢውን ወሮታ እከፍላለሁ፤ የምከፍለውም ዕቃው በእንግዳ መቀበያው ወይም በጥበቃው ዘንድ ከታየ በኋላ ነው። ስሙ እንዲታወቅ የማይፈልግ ሰው ዕቃውን ትቶ መሄድ ይችላል።

የግቢው የጽዳት ሠራተኞች ተቆጣጣሪዎችና የአውቶቡሱ መስመር ሠራተኞች የዚህን ማስታወቂያ የመጀመሪያ አንቀጽ በተረኛ ለውጥ ጊዜ ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ። ቦርሳውን የወሰደ ሰው የሚሸጥ ነገር ካጣበት ደብተሮቹን በቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ሊጥላቸው፣ ወይም አሮጌ ወረቀት ከሚሰበስቡ ሰዎች እጅ ሊገቡ ይችላሉ፤ እዚያ ደግሞ በቀይ ላስቲክ የታሰረ ጥቁር ደብተርና ጀርባው በነጭ ፕላስተር የተጠገነ ቢጫ ደብተር የሚለውን ማስታወስ ብቻውን ይበቃል። ሌላ ቡናማ ቦርሳ ያገኘ ሰውም ቢሆን ለዚያው ጠረጴዛ ያስረክብ፤ አረንጓዴው ስፌት ከሌለበት የእኔ ስላልሆነ እኔን መጥራት አያስፈልግም።

ይህ ማስታወቂያ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን «ቡናማ ቦርሳ ጠፍቶብኛል» በሚል የተለጠፈውን አጭር ማስታወቂያ ተክቷል፤ የቀድሞውን በየትኛውም ሰሌዳ ላይ ያየ ሰው ቢያነሣው አመሰግናለሁ። ቦርሳው ሲገኝ ሁሉንም ወረቀቶች በዕለቱ አነሣለሁ፤ ስለዚህ ይህ ወረቀት በቦታው እስካለ ድረስ ፍለጋው እንደቀጠለ ይታወቅልኝ።

የዕፅዋት ናሙና ክፍል ተመራማሪ፣ ክፍል ቁጥር 27፣ የውስጥ መስመር 214
ሰኞ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.